በሩን ያንኳኳው ሰው

ቅዳሜ ቅዳሜ ወልዲያ የምማረው እውቀት ጠምቶኝ አይደለም። የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። ዲፕሎማ ያላችሁ ወደ ዲግሪ አሻሽሉ ሲባል፣ ሰው ሲመዘገብ አይቼ አብሬ ተመዘገብኩ። ያለው ታሪክ ነው አሉኝ፤ ታሪክ ይሁን አልኩ። እርሻ ነው ቢሉኝም ይሁን እል ነበር። በጦርነቱ ከተማው ከተያዘበት ከዚያ ክፉ ዓመት ወዲህ ለሁሉም ነገር እንዲህ ነኝ። ሲያቀርቡልኝ እበላለሁ፣ ሰው ሲስቅ እስቃለሁ፣ ተማሪ ሲረብሽ እቆጣለሁ። እንደ ድሮው የቀረኝ ቁጣው ብቻ ነው። እሱን ማን እንደተወልኝ እንጃ።

እዚያ አብራኝ የምትማር አንዲት ልጅ አለች፤ በዕድሜ ልጄ ልትሆን ትንሽ ነው የቀራት። ከመርሳ ወዲያ ካለችው ከግራና ነው የምትመጣው። ትምህርት ቤታቸው በጦርነቱ ወድሞ፣ እንግሊዝኛን ያለ አስተማሪ፣ ያለ መጽሐፍ፣ እንዲያው በግምት ነው የተማረችው። ስለዚህ ባለፈው ሴሚስተር ውጤቷ ወርዶ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷታል። አሁን በአንድ ትምህርት ብትወድቅ ትባረራለች። ይህን የነገረችኝ ፈገግ ብላ ነው፤ ጣቶቿ ግን የነጠላዋን ጫፍ ሲፈትሉ አይቻለሁ።

የአፍሪካ ታሪክ መምህራችን ለእያንዳንዳችን ከአንድ ጥናት ላይ አንድ አንድ አንቀጽ ቆርጦ ሰጠን። በሚቀጥለው ቅዳሜ ክፍል ፊት ቆመን በራሳችን ቃል ማስረዳት አለብን። በአማርኛም ይቻላል ብሏል፤ ጥያቄ ግን ይጠየቃል። እያነበበ የሚያልፍ ሰው ምንም ነጥብ አያገኝም። ለእኔ ስለ ባቡር ሐዲድ የሚያወራ ቀላል ነገር ደረሰኝ። ለእሷ የደረሳት ስለ ቅኝ ገዢዎች አስተዳደር ነበር።

«እትዬ፣ እያንዳንዱን ቃል መዝገበ ቃላት ላይ አየሁት» አለችኝ፣ ከክፍል ስንወጣ ክንዴን ይዛ። «ወላሂ አንድም ያላየሁት ቃል የለም። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን አንድም አይገባኝም። እባክዎ ያስረዱኝ።»

«እርስዎ አትበይኝ ብዬሻለሁ። የክፍል ጓደኛሽ ነኝ።»

«እሺ፣ እትዬ። ያስረዱኝ።»

ወደ መርሳ እየሄድኩ ነበር። አባቴ እዚያ ናቸው፤ ቅዳሜ ከክፍል ስወጣ እየሄድኩ አያቸዋለሁ። የእሷም መንገድ በመርሳ በኩል ነው። ስለዚህ አብረን ሚኒባስ ገባን። ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ማንበብ ጀመርኩ። ሲሪንቃን እስክናልፍ ድረስ ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም። እውነቴን ነው፤ አንቀጹ በሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ቃል በቃል ወደ አማርኛ ብንመልሰው ይህን ይመስላል፦

«የቅኝ አስተዳደሩ የፋይናንስና የሰው ኃይል ውሱንነት ሥልጣንን በአገር በቀል ተቋማት በኩል የማስፈጸም ስልትን ያስገደደ ሲሆን፣ ይህም ነባር ወይም አዲስ የተፈጠሩ ልማዳዊ መሪዎችን በግብር አሰባሰብ፣ በጉልበት ምልመላና በልማዳዊ ፍትሕ አፈጻጸም ረገድ በመካከለኛነት በማሰማራት፣ የሹመታቸው ቀጣይነትም በአስተዳደሩ መልካም ፈቃድ ላይ ብቻ የተመሠረተ ሆኖ ሳለ፣ የሕዝቡን ቅሬታ ከማዕከሉ ወደ አካባቢው ያዞረ ነበር።»

«ወይ ጉድ!» አልኩ ጮክ ብዬ። ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰውዬ ዞር ብሎ አየኝ። «ይህን የጻፈው ሰው ቤቱ ውስጥ እንዴት ነው ውሃ የሚጠይቀው?»

ልጅቷ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ።

መርሳ ስንደርስ የግራና መኪና ገና አልሞላም ነበር። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ያለ ጁስ ቤት ገባን። ማንጎ አዘዝን። የአራተኛ ክፍል አስተማሪ መሆን አንድ ጥቅም አለው፤ የማይገባውን ልጅ ማስረዳት እንጀራዬ ነው። ልጆቹ ረጅም ነገር ሲያነቡ ሁልጊዜ የምጠይቃቸውን ጠየቅኋት። ማን ነው? ምን አደረገ? ማንን? ለምን?

«ማን ነው?» አልኳት።

«የፋይናንስና የሰው ኃይል ውሱንነት።»

«እሱ ሰው ነው? እጅ አለው? ሰው አምጪልኝ።»

አሰበች። «ፈረንጁ?»

«ጎሽ። ፈረንጁ ምን ሆነ?»

«ውሱን ሆነ።»

«ጥቂት ነው በይ። ጥቂት ሰው ነው የመጣው፤ የሚያወጣውም ገንዘብ ጥቂት ነው። እሺ፣ ያን ሁሉ አገር በጥቂት ሰው እንዴት ይገዛል?»

እንዲህ እንዲህ እያልን ሄድን። እሷ ትመልሳለች፣ እኔ እጽፋለሁ። መካከለኛ የሚለው ላይ ስንደርስ ድንገት ጠረጴዛውን መታች።

«ገባኝ! ጭቃ ሹም ማለት ነው! አያቴ የሚያወራው፣ በንጉሡ ጊዜ ግብር የሚሰበስበው።»

አዎ ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ መልሼ ሰረዝኩት። እዚህ አገር ሁላችንም ሹም ሲባል የሚመጣብን ያ ነው፤ ግን ልክ አይደለም። ጭቃ ሹሙ ክፉም ይሁን ደግ የአገሩ መንግሥት ሰው ነው፤ ሰዉም ከድሮ ጀምሮ ያውቀዋል። አንቀጹ የሚለው ሌላ ነው። ፈረንጁ ባህር ተሻግሮ መጥቶ፣ አለቃ ያለበት አገር ሲሆን ያንን አለቃ ለራሱ ሥራ ያዘዋል። አለቃ የሌለበት አገር ሲሆን ደግሞ፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው የሚመክሩበት ዓይነት አገር ሲሆን፣ አንዱን ሰው አንስቶ አለቃ ነህ ይለዋል። ከዚያ ይህ የእናንተ የቆየ ባህል ነው ብሎ ይጽፍላቸዋል።

«የሌለውን?»

«የሌለውን።»

«ያረቢ» አለች። ማንጎውን ረስታዋለች። «ሰዎቹ ምን አሉ?»

«ምን ይላሉ? ግብሩ ይመጣል። በጎጆ ልክ ነው የሚከፈለው፤ በጥሬ ገንዘብ። እህል አንቀበልም ይሏቸዋል። ገንዘብ ከየት ይምጣ? ስለዚህ ወንዱ ቤቱን ጥሎ ማዕድን ሊቆፍር፣ የፈረንጅ እርሻ ላይ ሊሠራ ይሄዳል። ፈረንጁም የፈለገው ይህን ነው። በየበሩ እየሄደ ክፈል የሚለው ግን አለቃው ነው።»

ጽሑፉ ሲያልቅ እንዲህ ሆነ፦

«ፈረንጁ አገሩን ያዘ። ግን ጥቂት ነበር። የሰዉን ቋንቋ አያውቅም፤ ማን የት እንደሚኖር አያውቅም። በየቤቱ እየዞረ ግብር መሰብሰብ አይችልም። ስለዚህ ከአገሬው መሀል ሰው ፈለገ። አለቃ ባለበት አለቃውን ያዘ፤ በሌለበት አዲስ አለቃ ፈጠረ። ግብር ሰብስብ፣ ለመንገድ ሥራ ሰው አምጣ፣ በባህላችሁ ዳኝ አለው። ሰዉ በሩ ሲንኳኳ ወጥቶ የሚያየው ፈረንጁን ሳይሆን የገዛ ወገኑን ነው። ስለዚህ የጠላው የገዛ ወገኑን ሆነ።»

አንብባው ስትጨርስ ትከሻዋ ሲወርድ አየሁ። «ይሄን ያህል ብቻ ነው እንዴ?» አለች። «ይሄንኑ ለማለት ነው?»

«ይሄንኑ ለማለት ነው።»

ከዚያ ጣቷን የእንግሊዝኛው ወረቀት ላይ አሳረፈች። «ይቺስ? በመልካም ፈቃድ ላይ የምትለው?»

«እሷን ተያት» አልኳት። «አትጠቅምሽም። ማስረዘም ነው።»

ረዳቱ ግራና ግራና እያለ መጮህ ጀመረ። ወረቀቱን አጣጥፋ ያዘች። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ፣ አላህ ያክብርልኝ» ብላ በሁለቱም መርቃኝ ሮጠች።

ያቺን ቁራጭ የተውኳት ለማሳጠር እንዳልነበር ወደ አባቴ ቤት ስሄድ አውቄዋለሁ። ያወቅሁት ግን አላስደነገጠኝም። መንገዴን ቀጠልኩ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ነበሩ ማለት ይሻላል። የሰፈሩ እድር ዳኛም ነበሩ። ማን የት እንደሚኖር፣ በየቤቱ ስንት ነፍስ እንዳለ፣ ማን በልቶ ማን ጦሙን እንደሚያድር ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። መርሳ የተያዘች ጊዜ ታጣቂዎቹ መጀመሪያ የጠየቁት የዚህ ሰፈር እድር ዳኛ ማን ነው ብለው ነው። በማግስቱ አባቴ በየበሩ እየቆሙ እንጀራና ዱቄት አምጡ ይሉ ነበር። ከኋላቸው መሣሪያ የያዙ ሁለት ልጆች ይከተላሉ፤ በሩን የሚያንኳኩት ግን አባቴ ናቸው። እኔ ያኔ ወልዲያ ነበርኩ፤ መንገዱ ተዘግቷል። ይህን ሁሉ በኋላ ነው የሰማሁት።

ታጣቂዎቹ ሲሄዱ ሰፈሩ አባቴን አልሰደባቸውም። ቢሰድቧቸው ይሻል ነበር። ሰላምታ ነው የነሷቸው። ልብስ ማስፋት ተዉ። በእድሩ ስብሰባ ላይ ሌላ ዳኛ ተመረጠ፤ እሳቸውም ተቀምጠው አጨበጨቡ አሉ። ዓመት ሳይሞላ እናቴ ሞተች። እድሩ ድንኳኑን ላከ፤ ደንብ ነውና አይቀርም። አግዳሚ ወንበሩም መጣ። የሚቀመጥበት ሰው ግን አልመጣም። ቀባሪው እስከ መቃብር ሸኝቶ ከዚያው ተበተነ። በሦስተኛው ቀን እኔና አባቴ በዚያ ሁሉ ባዶ አግዳሚ መሀል ፊት ለፊት ተቀምጠን ነበር። ያን ጊዜ እንባዬ ቆመ። ከዚያ ወዲህ አላለቀስኩም።

አባቴን እምቢ ማለት ነበረብዎ ብያቸው አላውቅም። ግን ነበረባቸው ብዬ አምን ነበር። የእናቴን ድንኳን ያለ ሰው ያስቀሩት እሳቸው ናቸው ብዬ አምን ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ወጥ ሠርቼላቸው፣ ልብሳቸውን አጥቤላቸው፣ ደህና ይሁኑ ብዬ እመለሳለሁ። ደህና ሁኚ ይሉኛል። የስፌት መኪናዋ በአንሶላ ተሸፍና ጥግ ላይ ተቀምጣለች። የዚያን ቀንም እንዲሁ አድርጌ ተመለስኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጅቷ ተራዋ ደረሰ። ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፍታ ተወችው። በራሷ ቃል ነበር የተናገረችው። እንዲያውም ከእኔ አሳምራ፣ ፈረንጁን በሰው አገር መንገድ የጠፋው አስመስላ ስታወራ ክፍሉ ሳቀ። መምህሩም ወንበሩ ላይ ተመቻቸ። የሚሳካላት መሰለኝ።

ከኋላ አንድ የቀበሌ ሠራተኛ የነበረ ትልቅ ሰው እጁን አወጣ። «ጥያቄ አለኝ። ይሄ አለቃ የተባለው ሰው ለምን እምቢ አላለም? የገዛ ሕዝቡን! ሆዳም ስለሆነ ነው አይደል?»

«ጥሩ ጥያቄ» አለ መምህሩ። «መልሱ አንቀጹ ውስጥ አለ። እስቲ መልሺ።»

ልጅቷ ወደ እኔ አየች። ደነገጥኩ። ለረጅም ጊዜ ደንግጬ አላውቅም ነበር። ያቺ የተውኳት ቁራጭ ናት የተጠየቀችው። ልጅቷ ልትባረር ነው፤ ያባረርኳት እኔ ነኝ። ልነሳና እኔ ነኝ ያስቀረሁባት ልል አስቤ ከወንበሬ አልተነሳሁም።

«እየጠበቅንሽ ነው» አለ መምህሩ። ማስታወሻው ላይ ሊጽፍ እስክሪብቶውን አነሳ።

«እምቢ ያለ አለ» አለች።

መምህሩ ቀና ብሎ አያት።

«ማለቴ... የአባቴ ወንድም እምቢ አለ። እኛ ጋ፣ ያኔ በተያዝን ጊዜ። ከሰፈሩ እህል አምጣ አሉት፣ እምቢ አለ። ደበደቡት፤ እስከ ዛሬ ያነክሳል። ሰዉ ጀግና ይለዋል። እነሱ ግን እህሉን አልተዉትም። በማግስቱ ሌላ ሰው አቆሙ፤ ሰፈሩን የማያውቅ። አጎቴ ቢሆን የባልቴቶቹን ቤት ይዘል ነበር። የሌላቸውን ያውቃላ! አዲሱ ሰውዬ ግን አላወቀም፤ አንድም በር አልዘለለም። ከዚያ በኋላ አጎቴ ራሱ እሺ ብል ይሻል ነበር እንዴ እያለ ሌሊት ሌሊት ይጠይቀናል።»

መምህሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «የእኛ አገሩና የቅኝ ግዛቱ ግን አንድ አይደለም» አለ ቀስ ብሎ።

«አንድ አይደለም፣ መምህር። አለቆቹ ውስጥ ተጠቅመው የከበሩም ነበሩ፤ ከግብሩ ድርሻ የሚወስዱ። እሱንም አንብቤያለሁ። ግን እዚህ ጋ» አለችና ወረቀቱን ገልብጣ ጣቷን አሳረፈች፣ «ሹመታቸው በአስተዳደሩ ፈቃድ ላይ ነው ይላል። ፈቃዱ ሲያልቅ ይሽሩታል። የማይሽሩት ግብሩን ብቻ ነው። ለምን እምቢ አላለም የሚባለውን ጥያቄ ፈረንጁን ብንጠይቀው ይሻላል መሰለኝ።»

ትልቁ ሰውዬ አንገቱን አቀረቀረ። መምህሩ የሆነ ነገር ጻፈ፤ ከዚያ «ተቀመጪ፣ አልፈሻል» አላት። ተቀምጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ትከሻዋ ሲርገበገብ ከኋላ እያየኋት ነበር።

ስንወጣ ሮጣ ደረሰችብኝ። «አብሽሪ፣ አላሳፈርሽኝም» አልኳት።

«እትዬ፣ ያቺን ለምን ተዉብኝ?» አለች። ቂም አልነበረባትም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው። «ቤት ሄጄ ሳነበው እሷ ከሌለችበት እኮ ሰውዬው ክፉ ብቻ ይሆናል። ያልተጻፈው እሱ የተላከ መሆኑ ነው።»

ወደ መናኸሪያው መራመድ ጀመርኩ። እሷም ክንዴን ይዛ አብራኝ ሄደች።

አባቴ ቤት ስገባ ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ወጥ አልሠራሁም። ልብስም አላጠብኩም። የእንጨት ዱካ ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ የምንማረውን ነገር ላንብብልዎ?»

ገርሟቸው አዩኝ። «ምን ይገባኛል ብለሽ ነው?»

«በቀላል አማርኛ ነው የጻፍኩት።»

«በይ እስቲ።»

አነበብኩላቸው። ፈረንጁ ጥቂት እንደነበር፣ ቤቱን የሚያውቅ ሰው እንደፈለገ፣ አለቃ በሌለበት አለቃ እንደፈጠረ። መንገድ ላይ መኪና ውስጥ እንደገና ስጽፈው የጨመርኳትንም አነበብኩ፦ «አለቃው እምቢ ቢል ይሻራል፤ በእሱ ቦታ ሌላ ይቆማል፤ ግብሩ ግን አይቀርም። ሰዉ በሩ ሲንኳኳ ወጥቶ የሚያየው የገዛ ወገኑን ነው። ስለዚህ የጠላው የገዛ ወገኑን ሆነ።»

ስጨርስ ቀና ብዬ ለማየት ፈራሁ። ከመንገዱ ማዶ የአንድ ጎረቤት ሴት ባልዲ ይዛ አለፈች፤ እንደ ልማዷ ወደ እኛ አልዞረችም። አባቴ በዓይናቸው ሸኟት።

«የአንዲት ባልቴት ቤት ዘልዬ ነበር» አሉ። «የዚያችንም፣ አሁን ያለፈችውን። ልጆቿን ስለማውቅ። እነዚያ ባለመሣሪያዎቹ ግን ከኋላዬ በሩን ሲቆጥሩ ኖሮ ተመለስ አሉኝ።»

እንዲህ ብለው አውርተውኝ አያውቁም ነበር።

«ይህን የጻፈው ፈረንጅ ነው?» አሉኝ።

«አዎ አባባ፤ የተማረ ሰው ነው።»

«እዚህ መጥቶ ያውቃል?»

«ኧረ አያውቅም። ስለ ሌላ አገር ነው የጻፈው። ድሮ ስለነበረ ነገር።»

አባቴ ወረቀቱን ከእጄ ተቀበሉ። ማንበብ አይችሉም፤ ግን አዩት፣ ገለበጡት፣ ጀርባውንም አዩት።

«ታዲያ እኔን የት አየኝ?» አሉ።

ዓይኔን ጠረግሁ። እንባ ይሁን ምን ይሁን አላውቅም፤ ከባዶው አግዳሚ ወዲህ ያልመጣ ነገር ነው። ወረቀቱን መልሰው ሰጡኝ።

«ድገሚው» አሉ። «ከዚያ እምቢ ቢል ከሚለው ጀምረሽ። ጮክ ብለሽ አንብቢው፣ ያቺ ሴትዮ ስትመለስ እንድትሰማው።»

ጮክ ብዬ ጀመርኩ።